ማ እና ር መቼ ማር ይሆናሉ? ለሕፃናት ፊደል ማጣመርን በዜማ፣ በጨዋታና በአጭር ሐረግ ስለማስተማር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁ «ማ»ን ያውቃል፤ «ር»ንም ያውቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥለት ግን «ማር» የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። «ማ»፣ «ር» ብሎ ይቆምና ዓይናችንን ያያል። ከዚህ ማዶ የሚያሻግረው ችሎታ ድምፅን ማጣመር ይባላል። በመዋዕለ ሕፃናትና በኦ ክፍል ቀስ ብለን ልናስተምረው የሚገባን፣ ብዙ ጊዜ ግን በራሱ ይመጣል ብለን የምናልፈው ይኸው ነው።

በየክፍላችን ግድግዳ ላይ የፊደል ገበታ አለ። ልጆቻችን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርዱታል፤ እኛም ደስ ይለናል። ዜማው ሲያበቃ አንድ ነገር ሞክሩ። ገበታውን ተዉትና በአንዲት ካርድ ላይ «ሙ»ን ብቻዋን ጽፋችሁ ለአንድ ልጅ አሳዩት። ብዙ ልጆች ወዲያው አይመልሱም፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። «መ፣ ሙ» ብለው ከቤቱ መጀመሪያ ቆጥረው ነው የሚደርሱባት። «ሞ»ን ስታሳዩአቸው ደግሞ ስድስት ፊደል አልፈው ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ልጅ የተራውን ዜማ አውቋል፤ ፊደሉን ግን ገና በመልኩ አላወቀውም። አንዷን ፊደል ለማግኘት ይህን ያህል የሚደክም ልጅ ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያዋን ይረሳል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ሀሁ ያጠና ልጅ አቡጊዳ ይሰጠዋል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ የሚሄደው ይህ አደራደር የቤቱን ተራ ሆን ብሎ ይሰብራል፤ በተራው ተደግፎ የሚመጣ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። ቀጥሎ የዮሐንስን መልእክት ሲጀምር መጀመሪያ በቁጥር፣ ማለትም እያንዳንዱን ፊደል እየጠቆመ ነጥሎ ይለዋል። ፊደሎቹን አያይዞ ወደ ንባብ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ በዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት ሀሁውን ወሰድን፤ ተራ መስበሩንና ከመነጠል ወደ ማያያዝ የሚደረገውን ጉዞ ግን ተውነው። በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና እንዳሳየው፣ በርካታ የ2ኛ ክፍል ልጆች ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከእነዚህ ልጆች መካከል ስንቶቹ ሀሁን በዜማ ይወርዱት እንደነበር መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? እኔ የምለው በሰባት ፊደል እንጀምር ነው። እነሱም ማ፣ ሳ፣ ም፣ ር፣ ላ፣ በ እና ች ናቸው።

ለምን እነዚህ እንደተመረጡ ላስረዳ። በ«ማ» እና በ«ሳ» ብቻ «ማሳ»፣ «ሳማ» እና «ማማ» ይነበባሉ። «ማሳ» እና «ሳማ» የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ፊደሎች ነው፤ የሚለያቸው የትኛዋ እንደምትቀድም ብቻ ነው። ንባብ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ለልጅ የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ማሳም ሳማም የማያውቁ የከተማ ልጆች ካሉ ቃሉ አስቀድሞ በሥዕል ወይም በወሬ ይተዋወቅ፤ የማያውቀውን ቃል ያጣመረ ልጅ ትክክል መሆኑን በራሱ ማረጋገጥ አይችልምና። «ም» ስትጨመር «ሳም» ይመጣል። «ር» ስትጨመር «ማር» እና «ሳር» ይመጣሉ። «ላ» ስትጨመር «ላም»፣ «በ» ስትጨመር «በላ»፣ «ች» ስትጨመር «በላች» ይመጣሉ። በዚህ ጊዜ ልጁ ሙሉ ሐሳብ ያነብባል፦ «ላም ሳር በላች»።

በገበታው ተራ ብንሄድ «ች» የምትገኘው 83ኛ ላይ ነው። ልጁ ያን ሁሉ ፊደል እስኪጨርስ አንዲትም ዐረፍተ ነገር ሳያነብ ይከርማል ማለት ነው። በዚህ ላይ ገበታው የሚጀምርባት «ሀ» ራሷ ለጀማሪ አስቸጋሪ ናት። ግእዝ ሆና ሳለ በአማርኛ እንደ ራብዕዋ እንደ «ሃ» ነው የምትነበበው፤ ድምፅዋንም «ሐ» እና «ኀ» ይጋሯታል። ልጁ ገና በመጀመሪያው መስመር ደንቡ ሲፈርስ ያያል። ስለዚህ ገበታው ግድግዳው ላይ ይኑር፣ ዜማውም ይዘመር፤ የንባብ ትምህርቱ ግን ቃል በሚሠሩ ፊደሎች ተራ ይሂድ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት አዲስ ፊደል ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። «ላ» እና «ሳ» በመልክ ይቀራረባሉ፤ በአንድ ሳምንት አይምጡ። «ሳ» ካርድ ላይ ሲያዩዋት ሳያመነቱ የሚጠሯት ስትሆን «ላ» ትከተል።

አሁን ወደ ማጣመሩ እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ ፊደል የለበትም፤ የጆሮ ሥራ ነው። መምህሯ አንድ አሻንጉሊት ትይዛለች። አሻንጉሊቷ ስትናገር ቃሉን ትቆራርጣለች፤ «ዛሬ ቁርሴን በ... ማ... ር በላሁ» ትላለች። ልጆቹ «በማር!» ብለው ያርሟታል። ቀጥሎ ነገሩ ይገለበጣል፦ ልጆቹ ቆራርጠው ይናገራሉ፣ አሻንጉሊቷ ታጣምራለች። እንካ ስላንትያ የሚጫወቱ ልጆች ለዚህ ሥራ ጆሯቸው ተከፍቶ ነው የሚመጡት፤ የቃልን መጨረሻ ነጥሎ መስማት ከጨዋታው ተምረዋል። ይህ ልምምድ ግን በጆሮ ብቻ ረጅም ጊዜ መቆየት የለበትም። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው ብሔራዊ የንባብ ጥናት ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ ድምፅ ማጣመርና መነጣጠል ከፊደል ጋር ሲሆን በጆሮ ብቻ ከሚደረገው የበለጠ ውጤት ይሰጣል። ልጆቹ ጨዋታው ሲገባቸው ካርዶቹ ይምጡ።

ካርዶቹ ሲመጡ ዋናው ምስጢር ትንፋሽ አለማቋረጥ ነው። «ማ» ብሎ አርፎ «ር» የሚል ልጅ በመካከሉ ባለው ዝምታ የመጀመሪያዋን ፊደል ያጣታል። «ማኣኣኣር» ብሎ የሚጎትት ልጅ ግን የመጀመሪያዋ ድምፅ አፉ ውስጥ እያለች ሁለተኛዋ ትደርስለታለች። ሊኒያ ኤሪ የተባሉት የንባብ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር በመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ድምፆቹን ሳያቋርጡ እያያያዙ የሠለጠኑት ልጆች እያቋረጡ ከሠለጠኑት የተሻለ ማንበብ ችለዋል። ያ ጥናት በእንግሊዝኛ ነው፤ የእኛ ፊደል ለዚህ ሥራ የበለጠ ይመቻል። በእንግሊዝኛ የፊደሉ ስም አንድ ነው፣ በቃል ውስጥ የሚሰጠው ድምፅ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ «ማ» ስሟም ድምፅዋም «ማ» ነው። አናባቢዋን በሆዷ ስለያዘችም እንደልብ ትጎተታለች። «በ»፣ «ቁ» እና «ጡ»ን የመሳሰሉት እንኳ፣ ተነባቢያቸው ፈንድቶ የሚያልቅ ቢሆንም፣ በአናባቢያቸው ይጎተታሉ።

ይህ ምቾት የሚያልቀው ሳድስ ላይ ነው። ሳድስ ሁለት ጠባይ አለው። «ምሳ» በሚለው ቃል ውስጥ «ም» አጭር አናባቢ አላት፤ «ላም» በሚለው ውስጥ ግን የላትም፣ ባዶ ተነባቢ ናት። በገበታው ዜማ ላይ የምትዘመረው የመጀመሪያዋ ነች። ስለዚህ ዜማውን የለመደ ልጅ «ላ» እና «ም»ን ሲያጣምር መጨረሻው ላይ ትርፍ ድምፅ ጨምሮ «ላምእ» ይላል፤ ያ ደግሞ የሚያውቀው ላም አይደለም። ልጁ ፊደሎቹን በትክክል ጠርቷል፤ ቃሉ ግን አልመጣለትም። «አላወቀም» ብለን የምናልፋቸው ብዙ ልጆች እዚህ ቦታ ላይ የቆሙ ናቸው።

መፍትሔው ከፊደሉ ሳይሆን ከቃሉ መነሣት ነው። መምህሯ «ላም በሉ፤ መጨረሻው ላይ አትንቀሳቀሱ» ትላለች። ልጆቹ «ላምምም» ብለው ከንፈራቸውን ገጥመው ይቆያሉ። «አፋችሁ ምን ሆነ?» ስትላቸው «ተዘጋ!» ይላሉ። «ይህቺ የተዘጋችው ድምፅ ም ናት» ብላ ካርዷን ታሳያለች። «ር»ንም እንዲሁ ከ«ማር» መጨረሻ ያገኟታል። በቃል መጨረሻ ላይ የምትመጣ ሳድስ በዚህ መንገድ ከተለመደች በኋላ ብቻ ነው «ስም»፣ «ልብ» እና «ምሳ» የሚመጡት፤ እነዚህ ቃላት በሳድስ ይጀምራሉና የመጀመሪያዋ ፊደል አናባቢዋን መልሳ ታገኛለች። በቃል መካከል የሚመጡትን ሳድሶች፣ «ትምህርት»ን የመሰሉትን ቃላት፣ ለአንደኛ ክፍል መተው ነው።

ዜማው እዚህ ላይ እንዲያገለግለን ማድረግ እንችላለን። አቀንቃኝና ተቀባይ ያለበት አጭር ዜማ ይበቃል። መምህሯ «ማ መጣች» ስትል ልጆቹ «ማኣኣ» ይላሉ። «ር መጣች» ስትል «ርርር» ይላሉ። «እጅ ለእጅ ሲያያዙ» ስትል «ማር!» ብለው ይዘጉታል። ዜማውን ከልጆቹ ሰፈር ውሰዱት፤ የሚያውቁትን ማንኛውንም ዜማ መጠቀም ይቻላል። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። አንደኛ፣ ጭብጨባው በእያንዳንዱ ፊደል ላይ እንዳይወድቅ፤ ያ ከሆነ ዜማው ራሱ ፊደሎቹን ያለያያል። ጭብጨባው በተጣመረው ቃል ላይ ይውደቅ፤ ከዚያ በፊት ያለው ድምፅ ይጎተት። ሁለተኛ፣ ቃሉን ሳትነግሯቸው ካርዱን ቀይሩት። በ«ማር» ፋንታ «ሳር» ስታሳዩ ዜማው ተሸክሟቸው «ማር!» የሚሉትን ያን ጊዜ ትለያላችሁ። ሃምሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲዘምር የሚያነብበው አሥሩ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የቀሩት ጎረቤታቸውን ተከትለው ነው የሚዘምሩት።

ከዜማው ቀጥሎ ገላቸውን የሚያንቀሳቅስ ጨዋታ ይመጣል። አንድ ልጅ «ማ»ን፣ ሌላው «ር»ን ይዘው በክፍሉ ሁለት ጫፍ ይቆማሉ። «ማ» የያዘው ወደ «ር» ሲራመድ ክፍሉ በሙሉ «ማኣኣኣ» እያለ ይሸኘዋል። ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ «ማር!» ይላሉ። ከዚያ «ር» የያዘው ልጅ ወጥቶ «ሳ» የያዘች ልጅ ትገባለች፤ ያው ጉዞ ይደገማል፣ አሁን ግን የሚወጣው «ማሳ» ነው። በግቢ ውስጥ ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ አለን። በኖራ በተሰመሩት ሳጥኖች ውስጥ ፊደል ይጻፍ። ልጁ እየዘለለ የሚረግጠውን ፊደል ይጠራል፤ ሲጨርስ ዞሮ የረገጣቸውን አጣምሮ ቃሉን ይናገራል። ወረቀት ለማይበዛበት ትምህርት ቤት ቆርኪ በቂ ነው። በውስጡ ፊደል ተጽፎበት አምስት አምስት ሆነው በተቀመጡ ልጆች መካከል ሲቀርብ፣ መምህሯ የጠራችውን ቃል እየፈለጉ ይገጣጥማሉ።

ከሁሉ የማስበልጠው ጨዋታ ግን የትእዛዝ ካርድ ነው፤ ቋንቋችን ለዚህ የሰጠን ነገር ድንቅ ነው። ለብዙ ሰው የሚሰጡ አጫጭር ትእዛዞችን አስቡ፦ ኑ፣ ቁሙ፣ ዙሩ፣ ሳቁ፣ ሩጡ፣ ሂዱ። አንዲትም ሳድስ የለባቸውም። የሚጠብቅ ድምፅም የለባቸውም። ከአንድና ከሁለት ፊደል አይበልጡም፤ ለወንድም ለሴትም አንድ ናቸው። መምህሯ ካርዱን ዝም ብላ ታነሣለች፤ ልጆቹም በአፋቸው ሳይሆን በአካላቸው ይመልሳሉ። «ዙሩ» ሲነሣ የሚዞረውን፣ ጎረቤቱን አይቶ የሚዞረውን፣ ቆሞ የሚቀረውን መምህሯ በዓይኗ ትለያለች። ጎረቤት እንዳያዩ ዓይናቸውን ጨፍነው ካርዱ ሲነሣ ብቻ ይግለጡ። ዓመቱ ሲገፋና ሳብዕ ሲመጣ ጨዋታው ይከብዳል። «ቁሙ» ሲነሣ ይቆማሉ፤ «ቆሙ» ሲነሣ ግን እንደተቀመጡ ይቀራሉ፣ ያ ትእዛዝ ሳይሆን ወሬ ነውና። «ሩጡ» እና «ሮጡ»፣ «ዙሩ» እና «ዞሩ»ም እንዲሁ ናቸው። በአንዲት ትንሽ ምልክት ትርጉም እንደሚለወጥ ልጁ በእግሩ ይማረዋል።

አሁን አጫጭር ሐረጎችን በአንድ የ20 ደቂቃ ትምህርት ውስጥ እንያቸው። ሰባቱ ፊደሎች ተለምደዋል እንበል። መጀመሪያ መምህሯ ሰባቱን ካርዶች እየቀላቀለች ታሳያለች፤ ልጆቹ ይጠራሉ። ይህ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ የማጣመሪያው ዜማ በ«ላም» እና በ«ሳር» ይዘመራል። ቀጥሎ «በላ» በሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ልጆቹ «በኧኧላ» ብለው ሲያጣምሩ «ላ»ን አላልተው ያነብቡታል፤ በአነጋገር ግን «ላ» ትጠብቃለች። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ማስተካከል የሚችለው የልጁ የራሱ ቋንቋ ነው። መምህሯ «በላ ያላላችሁት ምን ማለት ነው? እኛ እንዴት ነው የምንለው?» ብላ ትጠይቃለች፤ እነሱም አጥብቀው ይመልሱላታል። ይህ ጥያቄ ልማድ መሆን አለበት፤ ያጣመርነው ቃል ከምናውቀው ቃል ጋር ካልገጠመ ደግመን እንሞክራለን። «ች» ስትጨመር «በላች» ይሆናል።

ከዚያ ሐረጉ ይመጣል። መጀመሪያ «ሳር በላች» ብቻ ይጻፋል። ልጆቹ እያንዳንዱን ቃል አጣምረው፣ ሁለቱን መልሰው በአንድ ትንፋሽ ይላሉ። መምህሯ «ማን ናት ሳር የበላችው?» ብላ ትጠይቅና ከፊቱ «ላም»ን ትጽፋለች። አሁን «ላም ሳር በላች» ተሟልቷል። ሥዕሉ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ከንባቡ በፊት ከወጣ ልጁ ፊደሉን ትቶ ሥዕሉን ያነብባል። «በሬ ሳር ይግጣል» ሊላችሁም ይችላል፤ ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ንባቡ ግን አይደለም።

ሐረጉን ሁሉም በደንብ ሲሉት ትምህርቱ ያለቀ ይመስላል። ዋናው ነገር የሚመጣው ግን አሁን ነው። ሦስት ቃል ሁለት ጊዜ የሰማ የአምስት ዓመት ልጅ በቃሉ ይይዘዋል፤ ሰሌዳውን ሳያይም ይደግመዋል። መምህሯ ስለዚህ ምንም ሳትናገር «ሳ»ን አጥፍታ በቦታዋ «ማ»ን ትጽፋለች፦ «ላም ማር በላች»። «አሁን አንብቡልኝ» ትላለች። የሸመደዱት «ላም ሳር በላች» ይላሉ። የሚያነብቡት «ላም ማ...» ብለው ይቆሙና ይስቃሉ። ያ ሳቅ ምዘና ነው። ልጁ ፊደሉን አይቷል፣ አጣምሯል፣ ቃሉን አውቋል፣ ትርጉሙንም ከሚያውቀው ዓለም ጋር አስተያይቶ እንደማይሆን ተረድቷል። በአንዲት ፊደል ለውጥ አራቱን ነገር በአንድ ጊዜ አየን።

ልጆቹ ሲሰናከሉ የሚሰናከሉበት ቦታ የተለያየ ነውና የምንሰጠውም እርዳታ ይለያይ። ፊደሏን አይቶ የሚዘገይ ልጅ ማጣመር አልተሳነውም፤ ፊደሉ ገና አልተለመደውም፤ ካርዶቹን እየቀላቀሉ ማሳየት ይጠቅመዋል። «ማ፣ ር» ካለ በኋላ «ር» ብቻ የሚል ልጅ የመጀመሪያዋን ፊደል ረስቷል፤ እሱን ጎትተህ ሂድ ማለትና በጣት እየተከተሉ ማገዝ ነው። «ላምእ» የሚል ልጅ የሳድስ ችግር ነው ያለበት፤ ወደ ተዘጋው ከንፈር መልሱት። የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ «ማንጎ» የሚል ልጅ ይገምታል፤ ለእሱ «ማር»፣ «ማሳ» እና «ማማ»ን ጎን ለጎን ጽፋችሁ ለዩልኝ በሉት። ሁሉንም «ደግመህ በለው» ብቻ ካልናቸው ማንኛቸውንም አልረዳንም።

ሃምሳ ልጅ ያለባት መምህርት ይህን እንዴት ትለያለች? በቀን አምስት ልጆች በተራ ወደ እሷ ይምጡ፤ የቀሩት ቆርኪ ይገጣጥሙ። ለእያንዳንዳቸው ከዚህ በፊት በክፍል ውስጥ ያላዩትን፣ ከተማሯቸው ፊደሎች የተሠራ አንድ ቃልና አንድ ሐረግ ታሳያቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ልጅ ተራ ይደርሰዋል። ያላዩት ቃል መሆኑ ግዴታ ነው፤ የለመዱትን ቃል በመልኩ አውቀው ሊጠሩት ይችላሉና።

ይህ መንገድ የማይደርስበት ቦታም አለ። ያጣመሩትን ቃል ትክክለኛነት የሚያረጋግጡት በሚያውቁት አማርኛ ነው ብያለሁ። በቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚነገር ልጆች ይህ ድጋፍ የላቸውም። ለእነሱ ከተቻለ ንባቡ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይጀመር፤ ካልተቻለ ከንባቡ በፊት ቃላቱን በጨዋታ መማር አለባቸው። በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ አካባቢ ልጆቻቸውን ፊደል የሚያስቆጥሩ ወላጆችም ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል። በትምህርት ቤት በሌላ ፊደል ማንበብ የጀመረ ልጅ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ማየት ለምዷል፤ «ማ»ንም ለሁለት ሊከፍላት ይፈልጋል። አትከልክሉት። «መ ሙ ሚ ማ»ን ጎን ለጎን አሳዩትና የሚለወጠው የትኛው ድምፅ እንደሆነ፣ ምልክቱም የት ላይ እንዳለ ራሱ ይፈልግ።

እናንተ ወላጆች ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ሀሁን ውረድልኝ» ከምትሉት ይልቅ ከተማራቸው ፊደሎች ሁለቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ «ምን ይላል?» በሉት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሲያቅተው ቃሉን ቶሎ አትንገሩት፤ የመጀመሪያዋን ፊደል አብራችሁት ጎትቱለት።

መምህራን ሆይ፤ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሰኞ ወደ ክፍላችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁ የሚያውቋቸውን ፊደሎች ጻፉና በእነሱ ብቻ ስንት ቃል እንደሚሠራ ቁጠሩ። አሥር ቃል ከወጣ አዲስ ፊደል መጨመሩን ለጊዜው አቁሙና አሥሩን አስነብቧቸው። ልጅ አንባቢ የሚሆነው ፊደል በመቁጠር ሳይሆን በሚያውቀው ጥቂት ፊደል ዛሬ ቃል ሲያነብ ነው።